«ምስክር ነኝ ወይስ ተጠርጣሪ?»፦ ፖሊስ ጣቢያ ስትጠሩ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት

የምሠራበት ድርጅት የግንባታ ዕቃ በጅምላ ያከፋፍላል። እኔ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ቆጠራ ሲደረግ ከመጋዘን ብዙ ፌሮ ብረት መጉደሉ ታወቀና ባለቤቱ ለፖሊስ አመለከቱ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ፖሊስ ቢሮ ድረስ መጥቶ ለእኔና ለንብረት ክፍሉ ልጅ መጥሪያ ሰጠን። «ለአንዳንድ ጥያቄ ነው፤ ቶሎ ትመለሳላችሁ» አለን። ሁለታችንም ምንም አልወሰድንም ነበር። እኔ በዋስ ወጥቼ በኋላ መዝገቤ ተዘጋ። ልጁ ግን ከእኔ እጅግ የረዘመ ጊዜ ታስሯል። እዚያ ያቆየው በመጀመሪያው ሰዓት፣ በቅንነት፣ ማንም ሳያስገድደው የተናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ዛሬም ሳስበው ስለሚያንገበግበኝ፣ ያየሁትን ለሌላው እንዲጠቅም እጽፈዋለሁ። የምናገረው አገራችን ውስጥ ስላለው አሠራር፣ ስለ ተራ የወንጀል ክስም ነው። በሽብር የሚጠረጠር ሰው የሚታሰርበት ጊዜና አሠራሩ የተለየ ነውና እሱን ለጠበቃ ተዉት።

ጣቢያ ከመሄዴ በፊት ለአጎቴ ደወልኩ። ረጅም ዘመን በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት የሠሩ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ፖሊስ ጠርቶኛል» ስላቸው አልደነገጡም። «መጥሪያው ላይ በምን ጉዳይ ይላል?» አሉኝ። ድርጅቱን ስለሚመለከት ጉዳይ እንደሚል ነገርኳቸው። «እንግዲያው ልጄ፣ ገና ስትቀመጪ ምስክር ነኝ ወይስ ተጠርጣሪ ብለሽ ጠይቂ። ምስክር ነሽ ቢሉሽም ጥያቄው ወደ አንቺ መዞር ሲጀምር እንደገና ጠይቂ» አሉኝ። በዚያ ሰዓት የፖሊስን ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ድፍረት መስሎኝ ነበር። ለምን እንዳሉት የገባኝ ወንበሩ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሁለቱን ሰዎች ለየብቻ ያያቸዋል። ምስክር ሆኖ የሚጠየቅ ሰው በቁጥር 30 መሠረት እውነቱን የመመለስ ግዴታ አለበት፤ ሆኖም መልሱ ራሱን በወንጀል ሊያስከስሰው የሚችል ጥያቄ ሲመጣ አልመልስም ማለት ይችላል። ተጠርጣሪ ግን በቁጥር 27 ነው የሚጠየቀው። ስሙንና አድራሻውን ይሰጣል፣ የተጠረጠረበት ነገር ይነገረዋል፣ ከዚያ በኋላ መልስ ለመስጠት አይገደድም። ዝም ማለት እንደሚችልና የሚናገረው ሁሉ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19ም ይህንኑ ያጸናል። እንግዲህ በየትኛው ወንበር እንደተቀመጣችሁ ሳታውቁ መናገር ከጀመራችሁ፣ ምስክር ነኝ ብላችሁ የሰጣችሁት መረጃ ተጠርጣሪ ስትሆኑ እናንተኑ ማጥመጃ ይሆናል።

መርማሪው ጨዋ ሰው ነበር። ሻይ አስመጣልኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ጥያቄዬን ስጠይቀው ፈገግ ብሎ «ምስክር ነሽ እህቴ፣ አይዞሽ» አለኝ። ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ አድራሻዬን፣ የሥራ ድርሻዬን በትክክል ሰጠሁ። እዚህ ላይ ማንም ማመንታት የለበትም። ስምና አድራሻ መደበቅ ወይም አሳስቶ መስጠት ከዝምታ ጋር አንድ አይደለም። ዝምታ መብት ነው፤ ውሸት ግን ተመዝግቦ ይቀመጥና በኋላ እውነት ስትናገሩም የሚያምናችሁ ያሳጣችኋል። አድራሻችሁ በትክክል መታወቁ ደግሞ ዋስትና ስትጠይቁ የሚጠቅማችሁ እናንተኑ ነው።

ከዚያ ስለ ድርጅቱ አሠራር ጠየቀኝ፦ ደረሰኝ ማን ይቆርጣል፣ ዕቃ በምን ወረቀት ይወጣል? የማውቀውን መለስኩ። ከዚያ ድንገት ጥያቄው መልኩን ለወጠ። «ባለፈው ወር መጨረሻ ማታ ማታ ማን ጋር ትቆዪ ነበር? ባንክ ሒሳብሽ ውስጥ ምን ያህል አለ? ወንድምሽ ቤት እየሠራ ነው አይደል?» ድምፁ አልተለወጠም፤ ሻዩም ገና አልቀዘቀዘም። ግን ወንድሜ ቤት መሥራቱን ካነሳ፣ ፌሮው የት ሄደ ብሎ እያሰበ እንደሆነ ግልጽ ነው። የአጎቴ ቃል ያኔ ትዝ አለኝ። «ኢንስፔክተር፣ እነዚህ ጥያቄዎች ስለ እኔ ናቸው። ተጠርጣሪ ከሆንኩ ይነገረኝ፤ ቃሌን ከጠበቃ ጋር ተማክሬ እሰጣለሁ» አልኩ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ጥቂት ዝም አለና በእምነት ማጉደል ወንጀል መጠርጠሬን ነገረኝ። በዚያች ደቂቃ ከምስክርነት ወደ ተጠርጣሪነት ተሻገርኩ። ባልጠይቅ ኖሮም ማዶ ላይ ነበርኩ፤ ልዩነቱ ሳላውቀው ማውራቴን መቀጠሌ ነበር።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ፤ ትምህርቱ ያለው እሱ ጋ ነው። በጎን ባለው ክፍል ሌላ መርማሪ ይጠይቀው ነበር። «የመጋዘኑን ቁልፍ ማን ይይዛል?» ሲለው «ከእኔ በቀር ማንም አይዝም» ብሎ መለሰ። ታማኝነቱንና ጠንቃቃነቱን ያሳየ መስሎት ነው። ሥራውን የሚወድ፣ ቁልፉን ለማንም የማይሰጥ ልጅ መሆኑን መናገሩ ነበር። መርማሪው ጻፈ፣ ልጁ ፈረመ። አስቡት፦ መጋዘኑ በር ላይ ምንም የመሰበር ምልክት የለም፤ ዕቃው ጎድሏል፤ ቁልፉን የሚይዘው እሱ ብቻ እንደሆነ ራሱ አምኗል። ከዚህ በኋላ ፖሊስ ሌላ ሰው የሚፈልግበት ምክንያት ምንድን ነው?

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ትርፍ ቁልፍ ሽያጭ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ልጁ እሑድ እሑድ በማይገባበት ጊዜ ለቋሚ ደንበኞች ዕቃ የሚወጣው በዚያ ቁልፍ ነው። ያንን ያስታወሰው ማታ እስር ክፍል ውስጥ፣ ፍርሃቱ ረገብ ሲልለት ነው። በማግስቱ ለመርማሪው ሲነግረው «ትናንት ማንም አይዝም ብለህ ፈርመህ ዛሬ ሌላ ሰው ላይ ታላክካለህ?» ተባለ። ሁለተኛው ቃሉ እውነት ሆኖ ሳለ ውሸት መሰለ፤ ምክንያቱም ሁለተኛ ነው። የሒሳብ ምርመራው ተጠናቆ፣ ብረቱ በዱቤ ያለ ማውጫ ወረቀት ለደንበኞች መጫኑ እስኪታወቅ ድረስ ያቺ ዓረፍተ ነገር በየችሎቱ እየተነበበች አቆየችው።

ስለዚህ ንጹሕ ሰው የሚደብቀው የለውምና ይናገር የሚሉትን አትስሙ። ደንግጦ የተቀመጠ ሰው ሰዓት ያምታታል፣ ቀን ይረሳል፣ «ሁልጊዜ» እና «በጭራሽ» በሚሉ ቃላት ይናገራል። ያልዋሸ ሰውም ያልሆነ ነገር ያስመዘግባል። እኔ ከዚህ ሁሉ የተማርኩት፣ በመጀመሪያው ሰዓት በጣም አደገኛው ነገር በግምት የተሰጠ መልስ መሆኑን ነው። «አምስት ሰዓት ገደማ ይመስለኛል» ያላችሁት ወረቀቱ ላይ «በአምስት ሰዓት» ሆኖ ይሰፍራል። ስልካችሁ ወይም የካሜራ ምስል ስድስት ሰዓት ካሳየ፣ ስለ ሰዓቱ የዋሻችሁ ትሆናላችሁ። ከመናገር ውጪ ምርጫ ካጣችሁ እንኳ የማታስታውሱትን «አላስታውስም» በሉ፤ እውነት እስከሆነ ድረስ ሙሉ መልስ ነው።

ዝም እላለሁ ካልኩ በኋላ የመጣብኝ ግፊት በቁጣ አልነበረም። በመጀመሪያ «ጠበቃ የሚፈልገው ጥፋተኛ ነው» ተባልኩ። ቀጥሎ «ያኛው ልጅ ሁሉንም ተናግሯል፤ አንቺ ብትዘገዪ የሱ ቃል ነው የሚጸናው» መጣ። በኋላ እንዳወቅኩት ልጁ ስለ እኔ ምንም አላለም። መጨረሻ ላይ «ተናገሪና ዛሬውኑ በመታወቂያ ዋስ ልልቀቅሽ» አለኝ። ይህ ሦስተኛው ነው ሰው የሚረታበት፤ ልጆች ቤት እየጠበቁ ነውና። ሕጉ ግን በቁጥር 31 መርማሪ ተጠርጣሪን በተስፋም ሆነ በማስፈራራት እንዳያናግር ይከለክላል። ፖሊስ በቀላል ጉዳዮችና ጥርጣሬው በሳሳበት ጊዜ ተጠርጣሪን ራሱ በዋስ መልቀቅ ይችላል፤ ያ ግን ቃል በመስጠት የሚገዛ አይደለም። ለሦስቱም የመለስኩት አንድ ዓይነት ነው፦ «አክብሬዎት ነው ኢንስፔክተር፤ ቃሌን ከጠበቃዬ ጋር ሆኜ እሰጣለሁ።» አልተከራከርኩም፣ ሕግም አልጠቀስኩለትም። ድምፅ ከፍ ማድረግ ወይም «አንተ ማን ነህ» ማለት ነገሩን ወደ ጸብ ይቀይረዋል። መልሱን ሳትቀያይሩ፣ በትሕትና ደጋግሙት። በየመሐሉ «ይቺን ብቻ ልመልስልህ» እያላችሁ ብትወጡ ግን ዝምታችሁ ዋጋ የለውም፤ የመለሳችኋትና ያልመለሳችኋት ተነጻጽረው ይታያሉ።

ዝም ማለት ሁሉን ነገር መዋጥ እንዳይመስላችሁ። ወዲያውኑ መናገር ያለባችሁ ነገር አለ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም ካለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ የምትውጡት መድኃኒት ካለ ገና ስትገቡ ተናገሩና እንዲመዘገብ ጠይቁ። አማርኛ በደንብ የማይሰማ ሰው አስተርጓሚ እንዲመጣለት ይናገር፤ ግማሹን ሳይረዳ ራሱን እየነቀነቀ የተቀበለው ነገር እንደ አመነው ይቆጠርበታል። በምን እንደተጠረጠራችሁ ጠይቁ። የተያዛችሁበትን ሰዓት አስታውሱ። ለቤተሰብ እንዲነገርላችሁም ጠይቁ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 መሠረት የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ ሊጎበኟችሁ ይችላሉ።

ሌላው በፍጥነት መድረስ ያለበት የሚጠፋ ማስረጃ ነው። ድርጅታችን በር ላይ ካሜራ ነበር፤ የሚቀዳው ደግሞ አሮጌው ላይ እየደረበ ነው። ጠበቃዬ ሲመጣ መጀመሪያ የነገርኩት ይህንን ነው። እሱም ምስሉ እንዲያዝ ለመርማሪው በጽሑፍ አመለከተ። እሑድ ዕለት መኪና ሲጭን ያሳየው ይኸው ምስል ነው። ቅጂው እንዲያዝ ባይጠየቅ ኖሮ ያ ቀን በሌላ ቀን ተሸፍኖ ይቀር ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ለጠበቃ ንገሩ፤ በምን አኳኋን እንደሚቀርብ እሱ ያውቃል። ጠበቃ የመቅጠር አቅም የሌለው ሰውም በፍርድ ቤት ሥር ያለው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት እንዲረዳው ዳኛውን መጠየቅ ይችላል።

ቃሌን የሰጠሁት ከጠበቃዬ ጋር ከተማከርኩ በኋላ ነው፤ አጭር ነበር። መርማሪው የሚጽፈው በራሱ አገላለጽ ስለሆነ፣ ጽፎ ሲጨርስ «ፈርሚ» ሲለኝ «ላንብበው» አልኩ። ቁልፉን አልይዝም፣ መጋዘን አልገባም ያልኩት ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ሆን ብሎ ነው አልልም፤ አስፈላጊ አልመሰለው ይሆናል። እንዲጨመር ጠየቅኩ፤ ጨመረው፤ ጭማሪው ጎንም ፈረምኩ። ገጹ ግርጌ ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ በመስመር ዘጋሁት፤ በየገጹም ፈረምኩ። ማንበብ የማይችል ሰው ጮክ ብሎ እንዲነበብለት ይጠይቅ። የተጻፈው ከተናገራችሁት ካልተስማማ አለመፈረም ትችላላችሁ፤ ለምን እንዳልፈረማችሁም እንዲጻፍ ጠይቁ። «ችግር የለውም፣ ፍርድ ቤት ታስተካክይዋለሽ» የሚለውን አትቀበሉ። የልጁ ነገር ያሳየኝ ፍርድ ቤት ላይ የሚስተካከል ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ነው።

ስለ ስልክ ደግሞ፦ የይለፍ ምልክቱን ንገሪኝ ተባልኩ። አልታገልኩም፣ አልደበቅኩም፣ ምንም ነገርም ከውስጡ አላጠፋሁም፤ ማጥፋት ሌላ ጥፋት ነው። «የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካለ ይታየኝ» ብቻ አልኩ። ስልኩን ወሰዱት፤ መወሰዱን አስመዘገብኩ። ቤተሰብ ጋር በጣቢያው ስልክ ስትነጋገሩም ጉዳዩን አትተርኩ። የት እንዳላችሁ፣ ምን እንደሚያስፈልጋችሁ፣ ጠበቃ እንዲጠራ ተናገሩና በቃ። እስር ክፍል ውስጥም እንዲሁ። ሌሊቱ ረጅም ነው፤ አብረውኝ የታሰሩት ሴቶች ደጎች ነበሩ፤ አንዷ ብርድ ልብሷን አካፈለችኝ። የተጠረጠርኩበትን ስም ከመንገር አላለፍኩም። ነገ ከነሱ አንዷ ለመፈታት ስትል «እንዲህ ስትል ሰምቻለሁ» ብትል እኔ በምን አስተባብላለሁ?

በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባችሁ፤ ከጣቢያ እስከ ችሎቱ የሚፈጀው የመንገድ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። እዚያ ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ብሎ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ መፍቀድ አይችልም። እኔ ላይ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ቃሌን ለመስጠት ፈቃደኛ አለመሆኔ ነበር። ጠበቃዬ መብቷ ነው አለና አለፈው፤ ከዚያ ዋናውን ነገር ተናገረ፦ የቀረው ምርመራ የሰነድና የሒሳብ ነው፣ ሰነዱ ሁሉ በድርጅቱ እጅ ነው፣ እሷ ብትወጣ ልታጠፋው አትችልም፣ ቋሚ አድራሻና ቤተሰብ አላት። ዳኛዋ ፖሊስ ከጠየቀው አሳጥራ ሰጠች፤ በቀጣዩ ቀጠሮ ዋስትናው ተፈቀደ። ጠበቃ ሳይኖራችሁ ብትቀርቡም የምትሉት ይኸው ነው። ስለ ፌሮው፣ ስለ ቁልፉ፣ ማን እንደወሰደ አትከራከሩ፤ ያ ችሎት ጥፋተኛነትን አይወስንም፣ የምትናገሩት ግን ይመዘገባል።

አብራኝ የታሰረች አንዲት ወጣት ቤት ሠራተኛ ነበረች። ወርቅ ሰርቀሻል ተብላ ጣቢያ ውስጥ አመነች፤ ከዚያም ያንን ቃል ዳኛ ፊት እንድታረጋግጥ ተወሰደች። ቁጥር 35 የሚባለው ይህ ነው። ዳኛው በፈቃድሽ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ አለበት። እሷም ተጠየቀች። መርማሪው በሩ ላይ ስለቆመ አዎ አለች። ስትመለስ እያለቀሰች «እንደመቱኝ ብናገር ማታ ምን ያደርጉኛል ብዬ ፈራሁ» አለችን። አልፈርድባትም። በጥፊና በዱላ ፊት ዝም በሉ ብዬ ማንንም አልመክርም፤ ሕይወት ይቀድማል። ነገር ግን ተመታችሁ ወይም ተገድዳችሁ የተናገራችሁ ከሆነ፣ ለመናገር ትክክለኛው ቦታ መጀመሪያ የምትቀርቡበት ዳኛ ፊት ነው። ሰውነታችሁ ላይ ያለውን ምልክት አሳዩ፣ ሐኪም እንዲያያችሁ ትዕዛዝ ጠይቁ፣ የተናገራችሁት መዝገቡ ላይ መስፈሩን አረጋግጡ። በግዴታ የተገኘ ቃል ማስረጃ ሆኖ ተቀባይነት እንደሌለው ሕገ መንግሥቱ ይላል፤ ይህን ለማሳየት ግን ቁስሉ ሳይሽር የተባለ ነገር ያስፈልጋል። ዳኛ ፊት አዎ ካላችሁ በኋላ መመለሱ እጅግ ይከብዳል።

በመጨረሻ ለቤተሰብ። ባለቤቴ መታሰሬን ሲሰማ ጣቢያ ሮጦ መጥቶ ለመርማሪው «እሷ እኮ ማታ የሚጫን መኪና እንዳለ ነግራኝ ነበር» ሊል አስቦ ነበር፤ ሊረዳኝ ነው። አጎቴ ደርሰው በሩ ላይ ያዙት። እንዲህ ቢል እኔ መጫኑን እያወቅኩ ዝም ያልኩ ሆኜ እገኝ ነበር፤ እሱንም ምስክር አድርገው ይጠሩት ነበር። ቤተሰብ ጣቢያ ሲደርስ ስለ ጉዳዩ ምንም አይናገር። የሚጠይቀው ይህን ብቻ ነው፦ ሰውዬው እዚህ ጣቢያ ነው ያለው? መርማሪው ማን ይባላል? የምርመራ መዝገቡ ቁጥር ስንት ነው? የትኛው ችሎት፣ መቼ ይቀርባል? እነዚህን በወረቀት ይዞ ጠበቃ ጋ ይሂድ፤ ለታሳሪው ምግብ፣ መድኃኒቱን ከነማዘዣው፣ ወፍራም ልብስ ያድርስ። ለዋስ የሚሆን ሰው መታወቂያውንና የደመወዝ ደብዳቤውን ከወዲሁ ያዘጋጅ፤ ዋስትናው ዓርብ ከሰዓት ተፈቅዶ ወረቀቱ ካልተሟላ ሰውየው ቅዳሜና እሑድን እዚያው ያድራልና።